ለኦንላይን የሚሄድ ፎቶ በየትኛው ሞድ ይስተካከል? sRGB ወይስ ሰፊው?

ሰፊ ቀለም የሚያሳይ ሞኒተር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ድምቀቱን ነው። ካርቶኑ ላይ «95% DCI-P3» ወይም «99% Adobe RGB» የሚል ጽሑፍ አለ። ሞኒተሩ ሲበራ ቀዩም አረንጓዴውም ፏ ይላል። ከዚያ ሰውየው ሜኑውን ሲጎረጉር sRGB የሚል ምርጫ ያገኛል። ሲነካው ስክሪኑ በአንዴ ቀዝቀዝ ይላል። «ይህን ያህል ብር አውጥቼ ለምን አደበዝዘዋለሁ?» ይልና ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰርግና የልደት ፎቶ የሚያነሱ፣ ጎን ለጎን ለነጋዴዎች የዕቃ ፎቶ የሚሠሩ ልጆች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ያነሱታል። የእኔ መልስ ግልጽ ነው። ፎቶው የሚሄደው ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይም ድረ ገጽ ላይ ከሆነ sRGB ሞድ ላይ ሥሩ። ግን ሞዱን መቀየር ብቻውን አይበቃም። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ በየትኛው ሞድ ላይ እንዳለ ካላወቀ፣ sRGB ሞድም ጉድ ሊሠራችሁ ይችላል። ይህን ጉዳይ ከሥሩ እንየው።

ቁጥሩ አንድ፣ ቀለሙ ሁለት

ፎቶ ለኮምፒውተር ቁጥር ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚናገሩ ሦስት ቁጥሮች አሏት። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። «255፣ 0፣ 0» ማለት «ያለህን ቀይ በሙሉ አውጣ፣ ሌላውን ዝጋ» ማለት ነው። የትኛው ቀይ እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም። ሦስት ቁና ገብስ ሲባል መጠኑ የሚታወቀው ቁናው ሲታወቅ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው።

sRGB ሁሉም የተስማማበት ቁና ነው። ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. አቀረቡት፤ በ1999 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መለኪያ አድርጎ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ኦንላይን ላይ ያለ ፎቶ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በቀር sRGB ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ሰፊው ሞኒተር ቁናው ትልቅ ነው። የእሱ ሙሉ ቀይ ከ sRGB ሙሉ ቀይ ይበልጥ ቀይ ነው። ስለዚህ የ sRGB ፎቶ በትክክል እንዲታይበት ቁጥሩ መቀነስ አለበት። ለምሳሌ የ sRGB ሙሉ ቀይ `255, 0, 0` ከሰፊዎቹ ቁናዎች አንዱ በሆነው በ `Display P3` መለኪያ ሲጻፍ `234, 51, 35` ይሆናል። ዓይን የሚያየው ቀይ ያው ነው፤ የተቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ጥያቄው ይህን ቅየራ ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። ፎቶሾፕ፣ ላይትሩምና ጊምፕን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ይሠሩታል። ነገር ግን ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚቀይሩ ማወቅ አለባቸው። የፎቶውን መለኪያ ከፎቶው ፋይል ያነባሉ። የሞኒተሩን ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ከተመዘገበው የሞኒተር ፕሮፋይል ይወስዳሉ። ፕሮፋይል ማለት «ይህ ስክሪን ሙሉ ቀይ ሲባል የሚያወጣው ቀይ ይህ ነው» የሚል ትንሽ ፋይል ነው። እንደ `Paint` ያሉ ፕሮግራሞች ግን ይህን ሁሉ አያዩም። ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሞኒተሩ ይልኩታል።

sRGB ሞድ የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። ሞኒተሩ ራሱ የሚያሳየውን የቀለም ክልል አጥብቦ sRGB መስሎ ይቀመጣል። ያኔ ቁጥሩ እንዳለ ቢመጣም ቀለሙ ትክክል ይወጣል። ቀለም የሚያውቀው ፕሮግራምም፣ የማያውቀውም አንድ ዓይነት ያሳያሉ።

ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ

አሁን አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። ደብረ ብርሃን ላይ የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም እየሸጠች የምትልክ ነጋዴ አለች እንበል። ነጭ ሸማ ነው፤ ከታችና ከደረቱ ላይ ደማቅ ቀይ ጥለት አለው። ቀሚሱን ፎቶ አንሺው ጋ ታመጣለች። እሱ ያነሳል፣ ያስተካክላል፣ ፋይሉን ይሰጣታል። ከጥለቱ አንድ ክር ላይ ያለው ቁጥር በ sRGB `190, 30, 45` ነው እንበል። ጠቆር ያለ ቀይ ማለት ነው፤ ትክክለኛው ቀለምም ይኸው ነው።

ስህተት በሁለት መንገድ ይመጣል።

የመጀመሪያው፣ ሞኒተሩ ሰፊው ሞድ ላይ ሆኖ ፕሮፋይል ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። ፕሮፋይል ከሌለ ፕሮግራሞቹ ሞኒተሩን sRGB ነው ብለው ይወስዱታል። ፎቶሾፕ «ፎቶው sRGB፣ ሞኒተሩም sRGB» ብሎ `190, 30, 45`ን ሳይነካ ይልከዋል። ሰፊው ሞኒተር ግን ያን ቁጥር በራሱ ትልቅ ቁና ይሰፍረዋል። ጥለቱ እሳት መስሎ ይታያል። ፎቶ አንሺው ቀሚሱ አጠገቡ ስላለ ያወዳድርና «በዛ» ብሎ የቀለሙን ድምቀት ይቀንሳል። እሱ ስክሪን ላይ ልክ ይመጣል። ሌላው ሰው ስልክ ላይ ግን ጥለቱ ፈዝዞ፣ ፀሐይ ላይ ከርሞ የለቀቀ ጨርቅ መስሎ ይታያል። አዲስ አበባ ያለችው ደንበኛ «ያገለገለ ነው እንዴ?» ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም sRGB ሞድ ላይ የገባውን ጠንቃቃ ሰው የሚይዘው ይኸኛው ነው። የሞኒተሩን ድራይቨር ስትጭኑ፣ አንዳንዴም ዊንዶውስ ራሱ ሲያዘምን፣ ከፋብሪካው የመጣ ፕሮፋይል አብሮ ይመዘገባል። ያ ፕሮፋይል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሰፊው ሞድ ነው። አሁን ሞኒተሩን በሜኑው sRGB ብታደርጉት ዊንዶውስ አያውቅም። ፎቶሾፕ አሁንም ሰፊ ሞኒተር እያየ ስለሚመስለው የክሩን ቁጥር ይቀይረዋል። ሞኒተሩ ስፋቱ ከ `Display P3` ጋር የሚቀራረብ ከሆነ `190, 30, 45` ወደ `175, 48, 51` አካባቢ ይሄዳል። ሞኒተሩ ደግሞ sRGB ላይ ስለሆነ ይህን የተቀነሰ ቁጥር እንዳለ በጠባቡ ክልል ያሳየዋል። ሁለት ጊዜ ተቀነሰ ማለት ነው። ጥለቱ ቡናማ ነገር ይሆናል።

ፎቶ አንሺው ይህን ሲያይ ድምቀት ይጨምራል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ድምቀት ሲጨመር የቀዩ ቁጥር ወደ ላይ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቁጥር ወደ ታች ይሄዳል። አረንጓዴው 30 ብቻ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 0 ይነካል። ከ0 በታች መሄጃ የለም። አንዱ ክር 34፣ አጠገቡ ያለው ጥላ 22፣ ቀጥሎ ያለው 28 የነበረው ሁሉ 0 ይሆናል። ጥለቱ ውስጥ ያለውን የሽመና መስመር ለዓይን ለይተው ያሳዩ ከነበሩት ልዩነቶች ብዙው እነዚህ ነበሩ። እነሱ ሲጠፉ ጥለቱ ጥልፍልፉ የማይለይ አንድ ወጥ ቀይ ንጣፍ ይሆናል። በስልክ ሲታይ ቀለሙ ይጮኻል። ደንበኛዋ ያን ፎቶ አይታ ታዝዛለች፤ ቀሚሱ ሲደርሳት «እህቴ፣ እኔ ያዘዝኩት እኮ ይሄን አይደለም» ትላለች። ነጋዴዋ የሸጠችው ግን ያንኑ ቀሚስ ነው።

አንድ ነገር አስተውሉ። ስህተቱ ሁልጊዜ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። እናንተ ስክሪን ላይ ከበዛ፣ ሌላው ጋ ይፈዛል። እናንተ ጋ ከፈዘዘ፣ ሌላው ጋ ይበዛል። ስለዚህ ደንበኞች «ፎቶህ ሁሌ የደበዘዘ ነው» ካሉ፣ ተጨማሪ ድምቀት ጨምሮ ከመላክ በፊት ሞኒተሩን መጠርጠር ነው።

ክሩ ጠፍቶ እንደሆነ ለማወቅ በዓይን ብቻ አትተማመኑ። ፎቶሾፕ ላይ `Info` የሚለውን ፓነል ክፈቱ። ማውሱን ቀዩ ጥለት ላይ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱ። G እና B ከቦታ ቦታ ሲቀያየሩ ካያችሁ ሽመናው አለ። በተከታታይ 0 እያሉ ካለፉ ግን የጠፋ ነገር አለ። ያኔ ድምቀቱን መልሱና እንደገና እዩት።

በ`Paint` የሚደረግ ፈተና

መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። sRGB የሆነ፣ ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ያለበት አንድ ፎቶ ምረጡ። በፎቶሾፕ ክፈቱት፤ ያንኑ ፋይል በ`Paint`ም ክፈቱና ጎን ለጎን አድርጓቸው። ኤችዲአር እና ዊንዶውስ 11 ላይ ያለው `Automatically manage color for apps` የሚለው ምርጫ መጥፋት አለባቸው፤ አለበለዚያ ፈተናው ያሳስታል።

sRGB ሞድ ላይ ከሆናችሁ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ፎቶሾፕ ያለው ከ`Paint` ይልቅ ፈዝዞ ከታየ፣ ከላይ ያልኳችሁ ሁለተኛው ስህተት አለ፤ የሰፊው ሞድ ፕሮፋይል ተመዝግቦ ቀርቷል ማለት ነው።

ሰፊው ሞድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሁለቱ መለያየት አለባቸው። `Paint` የበዛ ቀለም ያሳያል፤ ፎቶሾፕ ረጋ ያለ ያሳያል፤ ትክክሉ የፎቶሾፑ ነው። ሰፊው ሞድ ላይ ሆናችሁ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ደስ አይበላችሁ። ፎቶሾፕ የሞኒተሩን ስፋት አላወቀም ማለት ነው።

ማስተካከያው ረጅም አይደለም። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ R ጋር ተጭናችሁ ይህን ጻፉ፦

```
colorcpl
```

የሚከፈተው መስኮት ላይ ሞኒተራችሁን ምረጡ፤ `Use my settings for this device` ላይ ምልክት አድርጉ። sRGB ሞድ ላይ ከሆናችሁ `Add` ብላችሁ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን `sRGB IEC61966-2.1` ጨምሩና `Set as Default Profile` በሉ። ሰፊው ሞድ ላይ ለመሥራት ከወሰናችሁ ደግሞ ለዚያ ሞድ የተሠራውን የፋብሪካ ፕሮፋይል ምረጡ። ፎቶሾፕን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። ፈተናውንም ድገሙት።

የቀለም መለኪያ መሣሪያ የምታገኙ ከሆነ፣ ሞኒተሩን የምትሠሩበት ሞድ ላይ አድርጋችሁ ለኩ። የሚወጣው ፕሮፋይል ለዚያ ሞድ ብቻ ነው የሚሠራው። ሞዱን ከቀየራችሁ ፕሮፋይሉም መቀየር አለበት።

ሰፊው ሞድ መቼ ይጠቅማል?

ሰፊው ሞድ ትርፍ ነገር አይደለም። ፎቶ ትልቅ አድርጎ ለማሳተም ለሚሠራ ሰው በጣም ይጠቅማል። በመስከረም አንኮበር ወጣ ብላችሁ አደይ አበባ ብታነሱ፣ ያ ቢጫ ከ sRGB ክልል የሚያመልጥባቸው ቦታዎች ያጋጥማሉ። ጥሩ ማተሚያ ከዚያ ቢጫ የተወሰነውን ማውጣት ይችላል። ሰፊ ሞኒተር ከትክክለኛ ፕሮፋይል ጋር ካለ የምታትሙትን ቀድማችሁ ታያላችሁ።

ኦንላይን ለሚሄድ ፎቶ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያው የአደይ ፎቶ ሰፊው ሞድ ላይ ሲታይ የአበባው ቅጠል ላይ ያሉት ጭረቶች ይለያሉ። ወደ sRGB ተቀይሮ ሲወጣ ያመለጠው ቢጫ ሁሉ ድንበሩ ላይ ይከመርና ጭረቱ ይጠፋል። sRGB ሞድ ላይ እየሠራችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ገና እያስተካከላችሁ ታዩት ነበር። ድምቀቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ጭረቱን ታተርፉት ነበር። sRGB ሞድን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ሰው የሚያየውን እናንተም እያያችሁ ትሠራላችሁ።

ሰፊው ሞድ ላይ መቆየት ለሚፈልግ ደግሞ መንገድ አለ። ላይትሩም ውስጥ `Develop` ላይ ሆናችሁ S ስትጫኑ `Soft Proofing` ይከፈታል። እዚያ sRGB ን ምረጡ። ፎቶው ወደ sRGB ሲቀየር ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል፤ ከክልሉ ያመለጠውንም ቦታ ምልክት አድርጎ ያመለክታል። ይህ ይሠራል፤ ግን ፕሮፋይሉ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው።

ደግሞ ብዙ የሚቀር ነገር ያለ አይምሰላችሁ። የመንዝ ጓሳን ፎቶ አስቡ። ገለባ የመሰለው ሣር፣ የጭላዳው ጎፈር፣ ጭጋጉ፣ ድንጋዩ፣ ሁሉም ረጋ ያሉ ቀለሞች ናቸው፤ sRGB ውስጥ ሳይጨናነቁ ይገባሉ። ከክልሉ የሚያመልጡት ባብዛኛው ደማቅ አበቦች፣ በፋብሪካ ቀለም የተነከሩ ክሮችና የኤሌክትሪክ መብራቶች ናቸው።

«አሁን እኮ ስልኩ ሁሉ ሰፊ ነው፤ ለምን በ `Display P3` አልክም?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አይፎን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መለኪያ ያነሳል፣ ያሳያልም። ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ፎቶ ሲላክና ሲጫን ብዙ ጊዜ እንደገና ይጨመቃል፤ በዚያን ጊዜ መለኪያውን የሚናገረው ፕሮፋይል ሊወድቅ ይችላል። ፕሮፋይሉ የወደቀበት የ `Display P3` ፎቶ sRGB ነው ተብሎ ይነበብና ይፈዛል። የ sRGB ፎቶ ግን ፕሮፋይሉ ቢወድቅም ያው sRGB ተብሎ ነው የሚነበበው። ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ይህ ዋስትና ከተጨማሪው ድምቀት ይበልጣል።

ስለዚህ በየትኛውም ሞድ ብትሠሩ ፎቶውን ስታወጡ sRGB አድርጉት። ላይትሩም ላይ `Color Space` የሚለውን sRGB በሉ። ፎቶሾፕ ላይ `Export As` ውስጥ `Convert to sRGB` እና `Embed Color Profile` ሁለቱም ላይ ምልክት ይደረግ። `Assign Profile` የሚለውን ግን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። እሱ ቁጥሩን ሳይነካ ስሙን ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ቀለሙ ይዛባል።

sRGB ሞድ ራሱ ሲያስቸግር

አንዳንድ ሞኒተር sRGB ሞድ ላይ ሲገባ የብርሃን መጠን ማስተካከያውን ይቆልፋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስክሪኑ በጣም ብሩህ ሆኖ ከተቆለፈ ነጩ ሸማ እናንተ ጋ ቦግ ይላል፤ ታጠቁሩታላችሁ፤ ስልክ ላይ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ለፎቶ ሥራ ብዙ ሰው የሚይዘው ብርሃን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ነጭ ወረቀት አጠገቡ ያዙ፤ በክፍሉ መብራት ሁለቱ ከተቀራረቡ ደህና ነው። ስክሪኑ እንደ አምፖል የሚያበራ ከሆነ በዝቷል።

ብርሃኑ ተቆልፎ አልቀንስ ካለ፣ ወደ ሰፊው ሞድ ተመልሳችሁ በትክክለኛ ፕሮፋይል መሥራቱ ይሻላል። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው `novideo_srgb` የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለለት። ክልሉን ከሞኒተሩ ይልቅ ካርዱ ላይ ያጠበዋል፤ ብርሃኑም ነፃ ሆኖ ይቆያል። ያኔም ዊንዶውስ ላይ መመዝገብ ያለበት የ sRGB ፕሮፋይሉ ነው። የ`Paint` ፈተናውም እንደ sRGB ሞድ ይነበባል።

በመጨረሻ ፎቶውን ስልክ ላይ ስታዩ የስልኩን ሞድም ተመልከቱ። ሳምሰንግ ላይ ለምሳሌ `Screen mode` ውስጥ `Vivid` እና `Natural` አሉ። ለማረጋገጥ `Natural` ላይ አድርጉት። ብዙ ደንበኛ `Vivid` ላይ እንደሚያይ አውቃለሁ። ለእሱ ብላችሁ ቀለሙን ብትቀንሱ ግን በሌላው ስልክና በኮምፒውተር የሚያየው ሰው የፈዘዘ ጥለት ይደርሰዋል። `Vivid` ላይ ያለ ሰው ደግሞ የሁሉንም ነጋዴ ፎቶ ደምቆ ነው የሚያየው፤ የእናንተም ከነሱ ጋር እኩል ይቆማል።